ባንክ 640,000 ብር አለ፤ የማን ነው?

በትንሽ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች ነው የምጽፈው።

ለገጣፎ አካባቢ አምስት ሠራተኛ ያላት ድርጅት አለች እንበል። አንዱ ለጋሽ ብር የሰጣት ለተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም፣ ሌላው ለሴቶች የቁጠባ ሥልጠና ብቻ ነው። የአባላት መዋጮም አላት፤ እሱን ለፈለገችው ታውለዋለች። ሦስቱም የሚገቡት አንድ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ነው። ውሉ የተለየ ሒሳብ ክፈቱ ካላለ ችግር የለውም። ጣጣው የሚመጣው መዝገቡም ሲደባለቅ ነው።

ወሩ ሲያልቅ ባንክ 640,000 ብር አለ። ሥራ አስኪያጁ «ብር አለ አይደል? ክፈሉ» ይላል። እያንዳንዱን ገቢና ወጪ የየትኛው ገንዘብ እንደሆነ በሚለይ የፈንድ ኮድ ከመዘገባችሁ ግን ሌላ ነገር ታያላችሁ። የደብተሩ ቀሪ 410,000፣ የቁጠባው 290,000 ነው። መዋጮው ደግሞ ከዜሮ በታች 60,000 ወርዷል። ድምሩ ያው 640,000! ድርጅቷ ሳይታወቃት የለጋሾቹን 60,000 ብር በልታለች ማለት ነው። የባንክ ስቴትመንት ይህን አይነግራችሁም። ስለዚህ በየወሩ ባንኩን ካስታረቃችሁ በኋላ የየፈንዱን ቀሪ ለብቻ እዩ። ከዜሮ በታች የወረደ ካለ ለሥራ አስኪያጁ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቁ።

ብዙ ጊዜ መዋጮውን እንዲህ የሚጨርሰው የጋራ ወጪ ነው። የቢሮ ኪራዩ 18,000 ብር ቢሆንና በሠራተኞች የሥራ ሰዓት ብታካፍሉት፣ 50 በመቶ ለደብተሩ፣ 30 ለቁጠባው፣ 20 ለመዋጮው ደረሰ እንበል። 9,000፣ 5,400 እና 3,600 ይሆናል። የለጋሹ በጀት ኪራይ ካልፈቀደ ግን ድርሻው ወደ መዋጮው ይሄዳል፤ ወደ ሌላኛው ለጋሽ መግፋት አይቻልም። ክፍፍሉን ከነስሌቱ ዋናው ደረሰኝ ላይ ጻፉት። ኦዲተር ሆኜ ስሠራ ቀድሜ የምፈልገው ይህንን ነበር። የአንድ ደረሰኝ ኮፒ ለሁለቱ ለጋሾች በሚላኩት ሪፖርቶች ውስጥ ተያይዞ ክፍፍሉ ካልተጻፈበት፣ ሁለቴ የተጠየቀ ወጪ ነው ብዬ ነው የምጀምረው።

ሪፖርቱ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው፤ የፈንዱን ሌጀር ከበጀቱ ጎን ማስቀመጥ ነው። ቁጥሩ ከሌጀሩ በአንድ ብር እንኳ አይለይ። አንድ ቦታ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። የሥልጠና ባለሙያዋ 50,000 ብር ቅድሚያ ወስዳ በደረሰኝ ያወራረደችው 38,000 ከሆነ፣ ወጪው 38,000 ነው። 12,000ው እስኪመለስ ወይም እስኪወራረድ ድረስ በእሷ ስም ተሰብሳቢ ሆኖ ይቆያል። ቀነ ገደቡ ደርሶ «ግድ የለም፣ ደረሰኙ ይመጣል» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። ሳይመጣ ቢቀር ለጋሹ ብሩን መልሱ ይላል፤ የሚመለሰውም ከዚያችው ከመዋጮዋ ነው።

የአንድ የበጀት መስመር ወጪ ከተፈቀደለት ሊያልፍ ሲል፣ ከሌላ መስመር ስንት በመቶ ማዘዋወር እንደሚቻል ውሉን እዩ። ከዚያ በላይ ከሆነ ወጪው ከመውጣቱ በፊት ለጋሹን በኢሜይል አስፈቅዱ። መልሱንም አትማችሁ ከቫውቸሩ ጋር አያይዙት።