ሰውየው ከወርክሾፑ ምን ይዞ ይወጣል?

ወርክሾፕ ለማዘጋጀት ለምትነሱ ወጣቶች፣

ሥልጠናና ወርክሾፕ ሳዘጋጅ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከእናንተ ዕድሜ ካሉ ልጆች በተደጋጋሚ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። "ግብዣውን ለብዙ ሰው ላክነው፣ ሰዉም አይቶታል፣ የተመዘገበው ግን ጥቂት ነው፤ ምን ይሻላል?" ይሉኛል። ግብዣውን ላኩልኝ እላለሁ። ሳነበው ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ግማሽ ቀኑን ሰጥቶ ምን ይዞ እንደሚመለስ የትም ቦታ አልተጻፈም።

እኔም ይህንኑ ስህተት ሠርቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቃለ ጉባኤ አያያዝ ላይ የሦስት ሰዓት ወርክሾፕ አዘጋጀን። የፈለግናቸው ሰዎች የማኅበር ጸሐፊዎች፣ የቡድን አስተባባሪዎች፣ በአጠቃላይ በስብሰባ ላይ እስክሪብቶ የሚያዘው ሰው ነበር። ግብዣውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ይላል፦

"ድርጅታችን ከአጋሮቹ ጋር በመተባበር የስብሰባ አመራርንና የቃለ ጉባኤ አያያዝን አስመልክቶ የተሳታፊዎችን ግንዛቤ ለማሳደግና ልምድ ለመለዋወጥ ያለመ የግማሽ ቀን ወርክሾፕ ያዘጋጀ ሲሆን፣ በዕለቱ በመገኘት የዝግጅቱ ተካፋይ እንዲሆኑ በአክብሮት ተጋብዘዋል።"

25 ቦታ ነበረን። በአንድ ሳምንት ውስጥ የተመዘገበው 6 ሰው ነው።

እስቲ ግብዣውን በስልክ እንደሚያነብ ሰው ሆናችሁ እዩት። መልእክቱ ሳይከፈት ከላይ የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ብቻ ናቸው። እነሱም "ድርጅታችን ከአጋሮቹ ጋር በመተባበር" የሚሉት ናቸው። ስለ እኛ እንጂ ስለ አንባቢው አንድም ቃል የለም። አማርኛ ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ዓረፍተ ነገሩን በ"አስመልክቶ"፣ በ"ያለመ"፣ በ"ሲሆን" እያስረዘምን በሄድን ቁጥር ዋናው ነገር ወደ ታች እየወረደ ይሄዳል፣ አንባቢው ደግሞ እዚያ ሳይደርስ ወደ ሌላ መልእክት ያልፋል። ስለዚህ የግብዣ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አጭር ይሁን ስላችሁ ለውበት ብዬ አይደለም፤ ግሱ ቶሎ እንዲታይ ነው።

ሌላው ችግር "ግንዛቤ ለማሳደግ" የሚለው ነው። ግንዛቤው ማደጉን ሰውየው በምን ያውቃል? እኛስ በምን እናውቃለን?

በጣም ከተጨነቅኩ በኋላ ትመዘገባለች ብዬ ጠብቄ የነበረች አንዲት የማኅበር ጸሐፊ ጋ ደወልኩ። ግብዣውን አይታዋለች። "ጥሩ ነገር ይመስላል፤ ግን ለአለቆች መሰለኝ። ደግሞ ያለፈውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ገና አልጨረስኩም፣ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ እሱ ላይ ልቀመጥ ብዬ ነው" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ዝም አልኩ። ከወርክሾፑ ቀርታ ልትሠራው ያሰበችው ሥራ ወርክሾፑ ውስጥ መሠራት ያለበት ሥራ ነበር። ግብዣውን ያን ዕለት ማታ እንደገና ጻፍነው፦

"ያላለቀ ቃለ ጉባኤ አለዎት? የስብሰባ ማስታወሻዎን ይዘው ይምጡ፣ ያለቀ የአንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ ይዘው ይመለሳሉ።

ገጹ ላይ ሦስት ነገር በግልጽ ይቀመጣል፦ ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ።

የተዘጋጀው በወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ቃለ ጉባኤ ለሚይዝ ሰው ነው። ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ በዚህ ዕለት አናነሳም።

ጊዜው ሦስት ሰዓት ነው። የእያንዳንዱን ሰው ገጽ አብረን ስለምናይ ከ20 ሰው በላይ አንቀበልም። ምዝገባው ሐሙስ ማታ ይዘጋል።"

ከታች ቀኑ፣ ቦታውና አንድ የመመዝገቢያ ሊንክ አለ። በቃ።

ወደዚህ ዓረፍተ ነገር የምትደርሱበት መንገድ ይኸውላችሁ። ወረቀት ላይ "ተሳታፊው ከበሩ ሲወጣ እጁ ላይ ___ አለ" ብላችሁ ጻፉና ባዶውን ሙሉ። "ዕውቀት"፣ "ክህሎት"፣ "መነሳሳት" ከጻፋችሁ ሰርዙት። እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ ፎቶ ነው፤ የጻፋችሁትን ነገር ፎቶ ማንሳት ይቻላል ወይ? ያለቀ ቃለ ጉባኤ ፎቶ ይነሳል። የተሞላ ሠንጠረዥ፣ የተላከ የማመልከቻ ደብዳቤ፣ የተጠገነ ቧንቧ ፎቶ ይነሳል። ግንዛቤ አይነሳም። ምንም ብታስቡ ፎቶ የሚነሳ ነገር ካጣችሁ፣ ያዘጋጃችሁት ወርክሾፕ ሳይሆን ንግግር ወይም ውይይት ሊሆን ይችላል። ነውር የለውም፤ ግን በስሙ ጥሩት። ወርክሾፕ ብላችሁት ሰው ሊሠራ መጥቶ ሲያዳምጥ ቢውል ለሚቀጥለው ግብዣችሁ አይመዘገብም።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ የምትዘሉትን ነገር ልንገራችሁ። ግብዣ ላይ የጻፋችሁትን ነገር በደቂቃ አስሉት። የእኛ ወርክሾፕ ሦስት ሰዓት፣ ማለትም 180 ደቂቃ ነው። ለመተዋወቅና ለመቀመጥ 15፣ ለእረፍት 15፣ አንድ ምሳሌ ሠርቶ ለማሳየት 30 ደቂቃ ስጡት። 120 ቀረ። ሰው ማስታወሻውን ወደ አንድ ገጽ ለመቀየር 50 ደቂቃ ያስፈልገዋል። 70 ቀረ። የአንድ ሰው ገጽ አይቶ ለማረም 5 ደቂቃ ቢወስድ፣ መጀመሪያ ላሰብናቸው 25 ሰዎች 125 ደቂቃ ይሆናል፤ አይገባም። ለ20 ሰውም 100 ደቂቃ ነው፤ አሁንም አይገባም። ሁለት አሠልጣኝ ሆነን 10፣ 10 ሰው ስንከፋፈል ግን 50 ደቂቃ ሆነ፣ 20 ደቂቃም ተረፈን፣ እሱም ለዘገየው ሰው ይሆናል። ከ25 ወደ 20 የወረድነው በዚህ ምክንያት ነው። "ቦታው ውስን ነው" የሚለውን ሁሉም ስለሚጽፈው ማንም አያምነውም። ለምን ውስን እንደሆነ በአንድ ሐረግ ስታስረዱ ግን አንባቢው ገጹን የሚያይለት ሰው እንዳለ ያውቃል፤ ይህ ራሱ ለመመዝገብ ምክንያት ይሆነዋል።

ሒሳቡ ሌላም ነገር ያደርግላችኋል። ግብዣውን ከማጽደቃቸው በፊት አለቃችሁ ወይም አጋር ድርጅት "የስብሰባ አመራርንም ጨምሩበት እንጂ" ማለታቸው አይቀርም። እኛንም ብለውናል። ደቂቃዎቹን ዘርዝረን ስናሳያቸው የሚጨመርበት ቦታ እንደሌለ ራሳቸው አዩት። ሁለተኛ ነገር ስትጨምሩ ግብዣው የበለጸገ ይመስላችኋል፣ አንባቢው ግን የትኛውን ብሎ እንደሚመጣ ይጠፋዋል።

"በዚህ ዕለት አናነሳም" የሚለውን መስመር ሰው ስትልኩለት አውጡት ይላችኋል። አታውጡት። ወርክሾፑ የማይሆነው ሰው ተመዝግቦ ቦታ እንዳይይዝ ያደርጋል፣ የሚሆነው ሰው ደግሞ "ይህ በትክክል የእኔ ነው" ይላል።

ወደ ፎርሙ ልሂድ። የመጀመሪያው ፎርማችን 11 ጥያቄ ነበረው፤ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ከወርክሾፑ ምን ይጠብቃሉ፣ ምን የማይጠየቅ ነበር። ወደ ሦስት አወረድነው፦ ስም፣ ስልክ፣ እና "የትኛውን ስብሰባ ማስታወሻ ይዘው ይመጣሉ?" ሦስተኛዋ ጥያቄ ከባድ ሥራ ትሠራለች። ሰውየው "የመጋቢት ወር የቦርድ ስብሰባ" ብሎ ሲጽፍ ያንን ደብተር የት እንዳስቀመጠው ማሰብ ይጀምራል። ለመምጣት ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው። እኛም ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ ቀድመን አወቅን።

አንድ ያላሰብነው ነገር መጣ። ሁለት ሰዎች ደውለው "ማስታወሻው የመሥሪያ ቤት ምሥጢር አለበት፣ እንዴት አድርጌ ላሳይ?" አሉን። ልክ ናቸው። ያኔውኑ ግብዣው ላይ "ስምና ቁጥር ቀይረው ማምጣት ይችላሉ" የሚል ጨመርን። ግብዣ ከተላከ በኋላ የሚመጡትን ጥያቄዎች በጥሞና ስሙ። ሰው "ምን ይዤ ልምጣ?" ካለ ገብቶታል። ሁሉም "ሰርተፍኬት አለው ወይ?" ብቻ የሚል ከሆነ፣ ከወርክሾፑ የሚያገኘው ሌላ ነገር አልታየውም፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን መስመር እንደገና ጻፉት። ሊንኩን የሚነካው ሰው ጥቂት ከሆነም ችግሩ እዚያው መስመር ላይ ነው። ሊንኩን ብዙ ሰው ነክቶ የጨረሰው ጥቂት ከሆነ ግን ግብዣውን አትንኩት፤ ፎርሙን አሳጥሩት።

ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ከምትፈልጓቸው ሰዎች አንዱን ፈልጉና ግብዣውን አንዴ አስነብቡት። ከዚያ ስልኩን ተቀበሉትና "ምን ይዘህ ትመለሳለህ?" በሉት። "ስለ ቃለ ጉባኤ ነው" ካለ አልሆነም። "ያቺን የቆየችብኝን ቃለ ጉባኤ ልጨርሳት ነው" ካለ ላኩት። የሥራ ባልደረባችሁን አትጠይቁ፤ እሱ ነገሩን ስለሚያውቀው ያልተጻፈውንም ያነብላችኋል።

አዲሱ ግብዣ ከወጣ በአራተኛው ቀን 20ው ቦታ ሞላ። ያቺ ጸሐፊም ተመዘገበች። ከዝግጅቱ አንድ ቀን በፊት ለሁሉም አጭር መልእክት ላክን። "ወርክሾፑን እንዳይረሱ" አላልንም። "ነገ ይዘውት የሚመጡትን ማስታወሻ አሁን ቦርሳዎ ውስጥ ያስገቡ፤ መምጣት ካልቻሉ ዛሬ ይንገሩን፣ ቦታውን የሚጠብቅ ሰው አለ" ነው ያልነው። ሁለቱ እንደማይመጡ ነገሩን፣ በምትካቸው ሁለት ሰው ጠራን። በዕለቱ የመጡት 19 ነበሩ።

ከ19ኙ 14ቱ ያለቀ ገጽ ይዘው ወጡ። አምስቱ አልጨረሱም። ሳይጽፉ ተቀምጠው አልነበረም፤ ማስታወሻቸው ላይ ውሳኔው አለ፣ ማን እንዲሠራው እንደተባለ ግን አልተጻፈም፣ እሱን ለማወቅ መሥሪያ ቤት መደወል ነበረባቸው። በግብዣችን ቃል የገባነውን ለአምስት ሰው አልፈጸምንም ማለት ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዙር ከመጀመሪያው መስመር ሥር አንድ መስመር ገባች፦ "ከመምጣትዎ በፊት እያንዳንዱን ውሳኔ ማን እንደሚሠራው አጣርተው ማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ።"