ሚዛኑ ወረደ፣ ቦርጩ ግን አልነቃነቅም አለ

«ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ለ8 ሳምንት በሳምንት 4 ቀን ክብደት እያነሣሁ ምግቤንም ቀነስኩ። 4 ኪሎ ወርጃለሁ፤ ቦርጬ ግን እንዳለ ነው፣ የማነሣውም ክብደት ቀንሷል። ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ሦስት ቢራ እጠጣለሁ። ምን አጠፋሁ?»

አብሽር ወንድሜ። እኔም ደሴ ላይ ሁለት ሥራ ይዤ 5 ሰዓት ብቻ በምተኛበት ዘመን ይኸው ደርሶብኛል። የወረደልህ ኪሎ ሁሉ ስብ አይደለም።

በፈረንጆቹ 2010 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 10 ሰዎችን በተመሳሳይ የተቀነሰ ምግብ ሁለት ጊዜ ለ14 ቀን አቆየ፤ አንዴ 8 ሰዓት ተኩል፣ አንዴ 5 ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ እያዋለ። በሁለቱም ጊዜ ወደ 3 ኪሎ ወረዱ። ደህና ሲተኙ ግን ከዚያ ውስጥ 1.4 ኪሎው ስብ ነበር፤ እንቅልፍ ሲያጥራቸው 0.6 ኪሎ ብቻ። ረሃቡም ባሰባቸው። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ክብደትም አያነሡም ነበር፤ ቢሆንም እኔ ወገቤን በሜትር ስለካ ያየሁት ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ቢራው ቶሎ ያስተኛል፤ ጉበት አልኮሉን አጣርቶ ሲጨርስ ግን የእንቅልፍህ ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራረጣል። አልኮሉ እስኪያልቅም ሰውነት ስብ ማቃጠሉን ወደ ኋላ ይለዋል። ሦስት ጠርሙስ ከ400 ካሎሪ በላይ ነው፤ ከምግብህ የቀነስከውን ያህል ሊሆን ይችላል። እኔ ጠጥቼ ባደርኩ ማግስት፣ ከአልጋ ሳልነሣ የምቆጥረው የልብ ምቴ ከ58 ወደ 68 ይወጣ ነበር። በዚያ ቀን የማነሣው ሁሉ ይከብደኛል።

የሥራ ጭንቀት ደግሞ ማታ ማታ ጣፋጭና ቅባት ያስመኛል፤ ውኃም ያስይዛልና ሚዛኑን ለቀናት ያሳስታል። ስለዚህ ሚዛን ብቻ አትመን። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ከእንቅልፍ እንደተነሣህ ወገብህን በእምብርትህ ትይዩ ለካ።

አሁን የምመክርህ ይህን ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ቡና አትጠጣ። ጠዋት ገብተህ ሽሮና ሁለት እንቁላል ብላ፣ ቢራውን ተው፣ መስኮቱን በወፍራም ጋቢ ጋርደህ ተኛ፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ አታስተኛም። ከፈረቃ በቀጥታ ወደ ክብደት አትሂድ፤ ተኝተህ ተነሥተህ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አንሣ። ለሁለት ሳምንት የምታነሣውን በሩብ ቀንስ፤ ምግብህን ግን ከዚህ በላይ አትቀንስ።

እኔ እንቅልፌን በቀን ማሸለብ ጭምር 7 ሰዓት አድርሼ መጠጡን ስተው፣ በ6 ሳምንት የወረድኩት 1 ኪሎ ብቻ ነው፤ ወገቤ ግን 4 ሳንቲ ሜትር ቀነሰ፣ ጉልበቴም ተመለሰ። ሚዛኑ ቆሞ ሜትሩ ሲቀንስ ካየህ፣ ደንግጠህ ምግብ እንዳትቆርጥ።