የ1 እስከ 5 መልስ አማካይ ይወጣለታል?

«ሰላም ለሁላችሁ። መጠይቄ ላይ የጋብቻ ሁኔታ፣ የዕድሜ ክልል፣ የሥራ ልምድ በዓመት እና ከ1 እስከ 5 የሚመለስ የእርካታ ጥያቄ አለ። ለሙከራ ጥቂት ሰዎች ሞልተውልኝ የሁሉንም አማካይ አወጣሁ። አማካሪዬ ግን "የመለኪያ ደረጃቸውን ሳትለዪ እንዳትመለሺ" አለኝ። ምን ፈልጎ ነው?»

አማካሪሽ ልክ ነው እህቴ። የፈለገው የትኛው ቁጥር ለየትኛው ስሌት እንደሚሆን እንድትለዪ ነው። ኮምፒውተሩን አትመኚው። ያላገባ 1፣ ያገባ 2፣ የተፋታ 3 ብለሽ ካስገባሽለት «አማካይ የጋብቻ ሁኔታ 1.9» ብሎ ሳያፍር ይሰጥሻል።

1. የጋብቻ ሁኔታ ኖሚናል ነው። ቁጥሩ መለያ ብቻ ነው። ቁጠሪ፣ በመቶኛ አስቀምጪ፣ ከሌላ ምድብ ጋር ግንኙነት እንዳለው ማየት ከፈለግሽ ካይ ስኩዌር ሥሪ። በቃ።

2. ጣጣው ያለው እርካታው ላይ ነው። ኦርዲናል ነው፤ ማለትም 4 ከ3 እንደሚበልጥ እናውቃለን፣ በስንት እንደሚበልጥ ግን አናውቅም። እኔ ጥናቴን ሳቀርብ ሚዲያን ብቻ ነበር የያዝኩት፤ ማለትም መልሶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን። አንዱ ፈታኝ ገና ሠንጠረዡን ሲያይ «አማካይ የሌለው ጥናት አይቼ አላውቅም» ብሎ አቋረጠኝ። ላስረዳ ስል እጁን አወናጨፈብኝ። ሰው ፊት እንደዚያ መባል ያበሳጫል። ዝም ብዬ ወደ ሰሌዳው ሄድኩና ይቺን ጻፍኩለት።

ቡድን ሀ፦ 3, 3, 3, 3, 3
ቡድን ለ፦ 2, 2, 2, 5, 5

የሀ አማካይ 3፣ የለ ደግሞ 3.2 ነው። ስለዚህ «ለ የበለጠ ረክቷል» ልንል ነው። ግን «አልረካሁም» እና «መካከለኛ» በሚሉት መካከል ያለው ርቀት ከሌሎቹ ቢሰፋስ? ማን ለካው? ስለዚህ መልሶቹን 1, 2, 4, 5, 6 ብዬ ቁጥራቸውን ቀየርኩ። ቅደም ተከተሉ አልተነካም። አሁን የሀ አማካይ 4፣ የለ 3.6 ሆነ። አሸናፊው ተገለበጠ! አንድም ሰው መልሱን ሳይቀይር። ሚዲያኑ ግን በሁለቱም አቆጣጠር ሀን ነው የሚያስቀድመው፤ መጀመሪያ 3 ለ2፣ በኋላ 4 ለ2። ፈታኙ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል።

አንቺም ለእርካታው ሚዲያን እና በየመልሱ ያለውን መቶኛ አቅርቢ። ሁለት ቡድን ስታወዳድሪ በቲ ቴስት ፈንታ ማን-ዊትኒ ቴስት፣ ከሁለት በላይ ከሆኑ ክሩስካል-ዋሊስ ቴስት ተጠቀሚ። ከሥራ ልምድ ጋር ያለውን ዝምድና ለማየት ስፒርማን። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፤ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ብዙ ጥያቄዎችን ደምረው ውጤቱን እንደ ኢንተርቫል፣ ማለትም በቁጥሮቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል እንደሆነ አድርገው የሚይዙ ብዙዎች ናቸው፣ የሚቃወሙም አሉ። አንቺ ግን ያለሽ አንድ ጥያቄ ስለሆነ እዚያ ክርክር ውስጥ አትግቢ። ኖሚናል፣ ኦርዲናል፣ ኢንተርቫልና ሬሾ የሚሉትን አራት ደረጃዎች በ1946 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስቲቨንስ ራሱ እንኳ ለኦርዲናል አማካይ ማውጣት በሕጉ መሠረት እንደማይገባ ጽፎ፣ በተግባር ግን ሰዎች ሲጠቀሙበት ፍሬ እንደሚያገኙ ሳይሸሽግ አልፏል።

3. የሥራ ልምድ ሬሾ ነው። ዜሮው እውነተኛ ዜሮ ስለሆነ 10 ዓመት የ5 ዓመት እጥፍ ነው ማለት ትችያለሽ። ኢንተርቫል መጠይቅሽ ላይ የለም። ምሳሌው ሙቀት ነው፤ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የ10 ዲግሪ እጥፍ ይመስላል፣ በፋራናይት ግን 68 እና 50 ነው፣ እጥፉ የት ሄደ? መደመርና መቀነስ፣ አማካይም ይሆናል፤ «እጥፍ» ማለት ብቻ አይሆንም። ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ኢንተርቫልንና ሬሾን Scale በሚል አንድ ላይ ስለሚጠቀልላቸው ልዩነቱን አንቺው ያዢው።

አሁን ዋናው፣ ዕድሜው። መጠይቁ ገና ለሙከራ ስለሆነ ዕድለኛ ነሽ። «18–25፣ 26–35፣ 36–45፣ 46 እና ከዚያ በላይ» እያልሽ ስትጠይቂ ሬሾ የነበረውን በገዛ እጅሽ ኦርዲናል ታደርጊዋለሽ። የ46 እና የ70 ዓመት ሰው አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይለያቸውም። እኔ የሠራሁበት አንድ ቢሮ የታተመ ፎርም አለን ብሎ ክልሉን አልቀይርም አለ። ዓመቱ አልቆ የሠራተኞቹን አማካይ ዕድሜ ሲጠይቁኝ «ከዚህ ፎርም አይወጣም» ከማለት በቀር ምንም አልነበረኝም። እነሱ ግን እኔ ላይ ነው የጮኹት።

ስለዚህ ክልሉን ሰርዢና «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብለሽ ባዶ ቦታ ተዪ። ክልል ካስፈለገሽ በኋላ ኤስፒኤስኤስ ላይ Transform ውስጥ Recode into Different Variables ገብተሽ ራስሽ ትከፋፍዪዋለሽ፣ ዋናው ቁጥርም ከነነፍሱ ይቀራል።