አንዷ ጉትቻ ጠፋች፤ ቀሪዋስ የት አለች?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለሰርጌ እናቴ ፒያሳ ያሠራችልኝ ጥንድ የወርቅ ጉትቻ ነበረኝ። ባለፈው ወር ሰርግ ሄጄ አንዷ ከጆሮዬ ወድቃ ጠፋች። የቤት ኢንሹራንስ አለኝ። የኢንሹራንሱ ሰው በስልክ «ጥንዱ የተገመተው 4,000 ዶላር ስለሆነ ግማሹን 2,000 እንከፍልሻለን» አለኝ። አንድ ጉትቻ ለብቻዋ ምን ታደርግልኛለች? የሁለቱንም ዋጋ መጠየቅ አልችልም?

መልስ፦ እህቴ፣ የእናት ስጦታ ሲጠፋ ሐዘኑ ከገንዘቡ እንደሚበልጥ ይገባኛል። ግን ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። «ነበረኝ» ነው ያሉት። ስለ ጠፋችው ነግረውኛል፤ ስለ ቀረችው ግን አንድም ቃል የለም። ቀሪዋ የት ናት? ወርቅ ቤት ወስደዋት ከሆነ፣ ወይም ለልጅዎ ሐብል ትሁንላት ብለው ለአንጥረኛ ሰጥተዋት ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ያቁሙና ደውለው እንዳይነኳት ይንገሩ። ከዚያ ተመልሰው ያንብቡ።

አጠር ያለውን ልጨርስ። ተራ የቤት ኢንሹራንስ ከጆሮ ወድቆ ለጠፋ ጌጥ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። ለስርቆት ቢከፍልም በብዙ ፖሊሲዎች ለጌጣጌጥ ገደቡ 1,500 ዶላር ነው። ለእርስዎ 2,000 ለመክፈል ከተስማሙ፣ ጉትቻዎቹን በሆነ ጊዜ ለብቻ አስመዝግበው ተጨማሪ ክፍያ ይከፍሉ ነበር ማለት ይመስለኛል። ይህንንም አልነገሩኝም። «ስኬጁል» የሚባለውን ዝርዝር ገጽ ፈልገው ያውጡት፤ ሁሉ ነገር የሚጀምረው ከሱ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ዘመድ ወዳጅ «ተሰረቀ በይ» ቢልዎት እንዳይሰሙ። ወድቃ ከጠፋች፣ ወድቃ ጠፋች። ሐሰት የተገኘበት ክሌይም ሙሉ በሙሉ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጥንዱ እንምጣ። ፖሊሲዎ ውስጥ ስለ ጥንድና ስለ ስብስብ ዕቃ የሚናገር አንቀጽ አለ። በአሜሪካ የቤት ፖሊሲዎች በብዛት የሚገኘው እንዲህ ይላል፦ ከጥንዱ አንዱ ሲጠፋ ኢንሹራንሱ ከሁለት አንዱን ይመርጣል። ወይ የጠፋውን አስጠግኖ ወይም ተክቶ ጥንዱን ወደ ቀድሞ ዋጋው ይመልሳል። ወይ ደግሞ ጥንዱ ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ዋጋና አሁን በቀረው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ይከፍላል። ልብ ይበሉ፣ «ግማሽ» የሚል ቃል የለበትም። «ሙሉ» የሚልም የለበትም። ስለዚህ እርስዎም የኢንሹራንሱ ሰውም ከአንቀጹ ውጭ እየተነጋገራችሁ ሊሆን ይችላል።

በእርስዎ ቁጥር እናስላው። ጥንዱ 4,000 ያወጣ ነበር እንበል። ቀሪዋ ብቻዋን ገበያ ብትወጣ ማን ይገዛታል? አንድ ጉትቻ የሚፈልግ ሰው የለም። ወርቅ ቤት በክብደቷ ቀልጣ የምታወጣውን ይሰጥዎታል፤ 900 ዶላር እንበል። ልዩነቱ 3,100 ነው። የእጅ ሥራው፣ መመሳሰላቸው፣ ጥንድ መሆናቸው፣ ያ ሁሉ ዋጋ ከጠፋችው ጋር ሄዷል። በስልክ ከተነገረዎት በ1,100 ዶላር ይበልጣል። ግን 4,000ም አይደለም፤ 900ው እጅዎ ላይ አለና። ፖሊሲው ዲዳክቲብል፣ ማለትም እርስዎ ከኪስዎ የሚችሉት የመጀመሪያ ድርሻ፣ ካለው ደግሞ እሱ ይቀነሳል።

ሰዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ደንበኞች ወደ እኔ የሚመጡት ቀሪውን ሸጠው፣ አቅልጠው ወይም ለሰው ሰጥተው ነው። «ለብቻው ምን ያደርግልኛል» ይላሉ፤ ልክ እርስዎ እንዳሉት። ቀሪዋ ግን ዋናዋ ማስረጃ ናት። «ከመጥፋቱ በኋላ የቀረው ዋጋ» የሚባለው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ኢንሹራንሱ «ብቻዋንም 2,000 ታወጣ ነበር» ቢል በምን እንመልስለታለን? የጠፋችው ምን ያህል ጥሩ ሥራ እንደነበረች የምታሳየውም እሷ ናት። ከዚያም በላይ ፖሊሲው ኩባንያው በጠየቀ ቁጥር ዕቃውን እንዲያሳዩ ያስገድድዎታል። ማሳየት ካልቻሉ ክርክሩ ከገንዘቡ መጠን አልፎ ግዴታዎን አልተወጡም ወደሚል ይሄዳል።

ሌላም አለ። አንዳንድ ፖሊሲዎች፣ በተለይ ለሥዕልና ለመሰል ውድ ዕቃ የሚሸጡት፣ የጥንዱን ሙሉ ዋጋ ይከፍላሉ፤ በምትኩ ቀሪውን ለኩባንያው ያስረክባሉ። የእርስዎ ስኬጁል እንዲህ ያለ አንቀጽ ካለው ያሰቡትን 4,000 ያገኛሉ ማለት ነው። ግን የሚያስረክቡት ነገር ከሌለ ምን ይሰጣሉ? ያን ጊዜም ቢሆን የእናትዎን ማስታወሻ አሳልፎ መስጠት ይፈልጉ እንደሆነ ከቤተሰብ ጋር ተመካከሩ። በገንዘብ ብቻ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።

ሌሎች የጌጣጌጥ ፖሊሲዎች ደግሞ የጠፋው ዕቃ ለስብስቡ ያለው አስፈላጊነት ታይቶ «ተገቢ ድርሻ» ይከፈላል ይላሉ፤ የሙሉ ስብስብ መጥፋት ተደርጎ አይቆጠርም ብለውም ይዘጋሉ። የእርስዎ እንዲህ ከሆነ የ2,000ው ነገር ያን ያህል ስህተት ላይሆን ይችላል። ለዚህ ነው አንቀጹን በዓይኔ ሳላይ «ይህን ያህል ያገኛሉ» የማልልዎት። ሌላም ሰው እንዲህ ቢልዎት አይመኑት።

ሁለቱ ጉትቻዎች በስኬጁሉ ላይ እንዴት እንደተጻፉም ይመልከቱ። «ጥንድ ጉትቻ፣ 4,000» ከሆነ ጥሩ ነው። «ጉትቻ 2,000፣ ጉትቻ 2,000» ተብሎ በሁለት መስመር ከተመዘገበ ግን ኩባንያው ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው ብሎ ይከራከራል። የግማሹ ሐሳብ የመጣው ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ኩባንያው «አምሳያዋን አሠርተን እንስጥ» ካለ ምርጫው የእሱ ነው፤ ዝም ብለው እምቢ አይበሉ። ግን አዲሷ ጥንዱን ወደ ቀድሞ ዋጋው መመለስ አለባት። በቀጭን የወርቅ ክር በእጅ የተሠራ ነገር በፋብሪካ ሻጋታ አይመለስም። የሚያውቁት አንጥረኛ ቀሪዋን አይቶ አምሳያዋን መሥራት ይቻል እንደሆነና በስንት እንደሚሠራ ጽፎ ይፈርምልዎት።

ቀሪዋ ቀድሞውኑ ከቀለጠች አይደብቁ። የወርቅ ቤቱን ደረሰኝ፣ ክብደቷንና ካራቷን፣ ሁለቱንም አድርገው የተነሱትን የሰርግ ፎቶ፣ የድሮውን የግምት ወረቀት ሰብስቡ። ይከብዳል እንጂ በር አልተዘጋም።

በስልክ የተባለውን ስሌት በየትኛው አንቀጽ ተመሥርተው እንዳወጡት በጽሑፍ ይጠይቁ። ቼክ ከላኩ፣ «ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ» የሚል ነገር ቼኩ ወይም አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ ካለ ጠበቃ ሳያይልዎት አይፈርሙ፣ ባንክም አያስገቡ። ስለ ጠፋው ዕቃና ስለ ዋጋው በመሐላ የሚሞላ ቅጽ ከጠየቁዎት አብዛኛው ፖሊሲ የሚሰጠው 60 ቀን ነው፤ ቀኑን ከደብዳቤው ላይ ይቁጠሩ። በዋጋው ብቻ ካልተስማማችሁ ብዙ ፖሊሲዎች እያንዳንዱ ወገን የራሱን ገማች የሚሾምበት መንገድ አላቸው። ለገማቹ የሚከፍሉት ግን እርስዎ ስለሆኑ ለ1,100 ዶላር ያዋጣ እንደሆነ አስቀድመው ያስሉ። ለሜሪላንድ የኢንሹራንስ አስተዳደር አቤቱታ ማቅረብም ይችላሉ።

ሙሉውን ፖሊሲ፣ ስኬጁሉን፣ የግምት ወረቀቱንና ቀሪዋን ጉትቻ ይዘው በዚህ ሳምንት በሜሪላንድ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። የመጀመሪያ ጥያቄው እንደኔ ስለ ቀሪዋ ነው የሚሆነው።