ከስታንድ አፕ በኋላ ስለምትጽፏት አጭር መልእክት

ለወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስድስት ሆነን አንድ የክፍያ ሥርዓት ከባንክ ጋር እያገናኘን ነበር። ባንኩ የሙከራ ሰርቨሩን የሚከፍትልን የሰርቨራችንን አይፒ አድራሻ የያዘ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሲደርሰው ብቻ ነበር። ፕሮግራመሯ በየጠዋቱ ስታንድ አፕ በምንለው አጭር የቡድን ስብሰባ ላይ «ከባንኩ መልስ እየጠበቅኩ ነው» ትል ነበር፤ እኔም ከስብሰባው በኋላ የእያንዳንዱን ሰው የትናንት ሥራና የዛሬ ዕቅድ ዘርዝሬ ሃያ መስመር ያህል በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እለጥፍ ነበር። በአምስተኛው ቀን ባንኩ ዘንድ ስደውል ምንም ደብዳቤ እንዳልደረሳቸው ነገሩኝ። ደብዳቤው ታትሞ፣ ፊርማ እየጠበቀ፣ በራሳችን ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሷ የተላከ መስሏት፣ አስተባባሪው ሌላ ሰው የሚያስፈርመው መስሎት፣ እኔ ደግሞ ያንኑ ዐረፍተ ነገር በየቀኑ እየገለበጥኩ አምስት ቀን አለፈ።

ከዚያ ወዲህ በመልእክቱ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ብቻ እጽፋለሁ፤ ሥራን ያቆመ እንቅፋትና ሰው የገባውን ቃል። ትናንት የተሠራው ሥራ በሥራ መከታተያው ሰሌዳ ላይ ስለሚገኝ እዚህ መደገም የለበትም። ብዙ ቡድኖች «ትናንት ምን ሠራህ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ፣ ምን አገደህ» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች እንደ ግዴታ ይዘው መልሱን ሁሉ ይመዘግባሉ፤ ስክረም የሚባለው የቡድን ሥራ አሠራር መመሪያ ግን በ2020 እትሙ እነዚህን ጥያቄዎች አስወጥቷቸዋል።

እንቅፋትን ስትጽፉ የቆመውን ሥራ፣ ከማን ምን እንደሚጠበቅ እና ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ አስፍሩ። «መልስ እየጠበቅን ነው» የሚለው አባባል ከሦስቱ አንዱንም አይነግረንም፤ ጥያቄው መላኩን እንኳ አያረጋግጥም። ሥራው አስቸጋሪ ሆኖ ግን እየሄደ ከሆነ እንቅፋት ስላልሆነ አትጻፉት። አለበለዚያ እውነተኛው እንቅፋት በመካከሉ ይጠፋል፤ የእኔ ሃያ መስመር ያደረገው ይህንኑ ነበር።

የበለጠ መጠንቀቅ ያለባችሁ ግን ቃሉን ስትጽፉ ነው። በአማርኛ ቃለ ጉባኤ ስንጽፍ «ደብዳቤው ይላካል»፣ «ጉዳዩ ይታያል» ማለት ለምደናል። አነጋገሩ ጨዋ ይመስላል፤ ነገር ግን ማን እንደሚልክና ማን እንደሚያይ አይናገርም። እናንተ ግሱን ወደ አድራጊው መልሱና ስሙን ከፊቱ አስቀምጡ። ሁለት ስም ከጻፋችሁ እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቃልና ሥራውን ሁለት ሰው ቢሠራው እንኳ ስሙ የአንድ ሰው ይሁን። ከስሙ ቀጥሎም ሌላው ሰው በዓይኑ ሊያየው የሚችል ውጤትና ሰዓት ይከተሉ። ያ የጠፋ ሳምንት በሁለተኛው ቀኑ እንዲህ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር፤ በስም ፈንታ የሥራ ድርሻቸውን አስገብቻለሁ፦

እንቅፋት፦ የባንኩ የሙከራ ሰርቨር አልተከፈተልንም (2ኛ ቀን)። የክፍያ ማረጋገጫ ሙከራው ቆሟል። የሚጠበቀው የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ነው።

ቃል፦ አስተባባሪው ደብዳቤውን አስፈርሞ ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ለባንኩ ያደርሳል፤ ባንኩ መቀበሉን የፈረመበትን ቅጂ ፎቶ አንሥቶ እዚህ ይለጥፋል።

ቃል፦ ፕሮግራመሯ እስከዚያው የተመላሽ ክፍያውን ኮድ ጨርሳ ዛሬ 11 ሰዓት ላይ ለግምገማ ታቀርባለች።

«የሚጠበቀው» ከሚለው ቀጥሎ ምን እንደሚጻፍ ለመጠየቅ የተገደደ ሰው ደብዳቤው አለመፈረሙን በዚያው ደቂቃ ይደርስበታል። ስለዚህ ጥያቄውን ሰዎቹ ሳይበተኑ ጠይቁ፤ መልእክቱንም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ለጥፉት፤ ስሙ የተጻፈ ሰው ያላለውን ነገር ብትጽፉበት ወዲያው እንዲያርማችሁ። ማንም ያልገባውን ቃል ግን በስሙ አትጻፉ፤ ዝም ያለን ሰው እንደተስማማ መቁጠር እምነቱን ያሳጣችኋል።

ከቡድኑ አባላት አንዱ ውጭ አገር ካለ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። «9 ሰዓት» ብላችሁ ብቻ ከተዋችሁት ዋሽንግተን ያለው ባልደረባችሁ የጠዋት ሦስት ሰዓታችንን ሊረዳ ይችላል፤ «ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ 15:00» ካላችሁ ግን አይሳሳትም።

በማግስቱ መልእክቱን የምትጀምሩት የትናንቱን ቃሎች አንድ በአንድ በማንሣት ነው፤ የተፈጸመውን «ተፈጽሟል» ብላችሁ ዝጉት፣ ያልተፈጸመውን ቃሉን የገባው ሰው ራሱ በሚሰጠው አዲስ ሰዓት አስተላልፉት። የቀኑ ቁጥር 3 የደረሰበትን እንቅፋት ግን እንደገና ጽፋችሁ ብቻ አትለፉት። በዚያ ጠዋት ስልኩን አንሥታችሁ መፍትሔው በእጁ ያለውን ሰው አነጋግሩ፤ የነገራችሁንም በዚያው መስመር ሥር አስፍሩት።