ጽሑፉ የማያሳየው ዝምታ

ከደሴ አንዲት ወጣት የፖድካስት አዘጋጅ ጻፈችልኝ። ድምፅን ወደ ጽሑፍ በሚለውጠውና ከጽሑፉ የተሰረዘውን ከድምፁም በሚቆርጠው የኮምፒውተር ማረሚያ «እ...» የሚሉትንና ዝምታዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ብትሰርዝ፣ እንግዳዋ ከኋላው የሚያባርሩት ሰው መሰለ።

እኔ የሬዲዮ አርታኢ ሳለሁ ቴፕ የምንቆርጠው በምላጭ ነበር። ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ስለ 1977ቱ ረሃብ ሲያወጉ፣ ጠያቂው «ስንት ልጆች ነበሩዎት?» አላቸው። ስድስት ሰከንድ ያህል ዝም አሉ። ከዚያም «አምስት» አሉ። ቴፑ በሰከንድ 19 ሴንቲ ሜትር ስለሚሄድ ዝምታው ከአንድ ሜትር በላይ ነበር። የዝግጅቱ ኃላፊ «ሰዓት ይበላል፣ ይውጣ» አሉ፤ ወጣ። ሲተላለፍ አዛውንቱ ገበያ ላይ የፍየሎቻቸውን ቁጥር እንደተጠየቁ ያህል ፈጥነው መለሱ። ቁራጩን ፍለጋ ወደ ቅርጫቱ ስመለስ ተጠርጓል። የጽዳት ሠራተኞቹ ከእኛ ይልቅ ሰዓት ያከብሩ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናንተ የሰረዛችሁትን መልሳችሁ ማግኘት ትችላላችሁ፤ ለዚህ ይመስለኛል ስትሰርዙ የማትሳሱት። ዝምታንም ትፈራላችሁ። ጽሑፉ ላይ ስድስት ሰከንድም አንድ ሰከንድም ያው ባዶ ቦታ ነው፤ ስለዚህ ከመሰረዛችሁ በፊት አድምጡ። ተናጋሪው ቃል ሲፈልግ የቆመበትን ወደ ግማሽ ሰከንድ ያህል አሳጥሩት እንጂ ፈጽሞ አታጥፉት። ከከባድ ጥያቄ በኋላ የመጣውን ግን አትንኩት።

«እ» ደግሞ በአማርኛ ልዩ ችግር አለበት። «እ... እኔ» ሲባል መሙያው ድምፅ ከቃሉ መጀመሪያ ጋር ይቀላቀላል። ማረሚያው ድንበሩን ሲስት «እኔ» ተቆርጦ «ኔ» ይቀራል። ከቁርጡ ሁለት ሰከንድ ቀድማችሁ አጫውቱ፤ ቃሉ ከተጎዳ «እ» ይቆይ። «ማለት»ንም በፍለጋ አግኝታችሁ በጅምላ አትሰርዙ፤ «ይህ ማለት» ከሚለው ውስጥ ሲወጣ ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። የወሎ ሰው «ወላሂ» ሲል ደግሞ መማሉ ነው። አንድ ወጣት አርታኢ እንደ መሙያ ቆጥሮ ሲያወጣው አይቻለሁ፤ ምስክርነቱ ተራ ወሬ ሆነ።

በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ እየወረደ የተቀዳ ድምፅ ሲቆረጥ፣ የዝናቡ ድምፅ ዘሎ ቁርጡን ያጋልጣል። ቃለ መጠይቁ እንዳለቀ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቅዱ። ቁርጡ ላይ ባዶ ጸጥታ ሲፈጠር ከዚያ እየወሰዳችሁ ትሞሉታላችሁ። በቁርጡ ሁለት ጫፎች ላይም ድምፁን በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች አደባልቁ፤ አለዚያ «ጠቅ» የሚል ይሰማል።

ይህን ሁሉ ስል ለእንግዶች ነው። የጠያቂውን «እ...» እና «እንግዲህ» ያለ ርኅራኄ አውጡት። የራሴን ድምፅ ሳርም እንኳን መሙያውን፣ ግማሹን ጥያቄ እቆርጠው ነበር።