ሁሉን በብልጫ የምትሠራ አገር ከደካማዋ ጋር ለምን ትነግዳለች? የሐዋሳ አባላት ጥያቄና መልስ

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አንድን ዕቃ ለመሥራት የሚፈጀውን የአንዱን አገር የሥራ ቀን ከሌላው አገር የሥራ ቀን ጋር ብቻ አወዳድሮ መደምደም አይቻልም። ዓለም አቀፍ ንግድን ለዓመታት ሳስተምር ተማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ፦ መምህር፣ አንዱ አገር ሁለቱንም ዕቃ በአነስተኛ ጉልበት የሚያመርት ከሆነ ከሌላው ምን ብሎ ይገዛል?

መልስ፦ እንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ዴቪድ ሪካርዶ በ1817 እ.ኤ.አ. ያቀረባቸውን አኃዞች እንያዝ። የተወሰነ መጠን ያለው ወይን በፖርቱጋል 80፣ በእንግሊዝ 120 የሥራ ቀን ይፈጃል። የተወሰነ መጠን ያለው ጨርቅ ደግሞ በፖርቱጋል 90፣ በእንግሊዝ 100 ይፈጃል። ሪካርዶ የቆጠረው ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩ ሰዎችን ነበር፤ እኔ ስሌቱ እንዲቀል ቀን ብየዋለሁ። ፖርቱጋል በሁለቱም ትበልጣለች። ሆኖም ጨርቁን ራሷ ብትሠራ 90 ቀን ታወጣለች፤ በ80 ቀን ወይን ጠምቃ በጨርቅ ብትለውጠው ግን 10 ቀን ይተርፋታል። እንግሊዝም በ100 ቀን የሠራችውን ጨርቅ ሰጥታ፣ ራሷ ብትጠምቀው 120 ቀን የሚፈጅባትን ወይን ታገኛለች፤ 20 ቀን ተረፋት ማለት ነው። ሁለቱ አገሮች ለየብቻ ሲሠሩ በድምሩ 390 ቀን ይፈጅባቸው የነበረው ምርት አሁን በ360 ቀን ያልቃል፤ የተረፈውም 30 ቀን ከማንም የተወሰደ አይደለም።

የመናኸሪያ አካባቢ ነጋዴ፦ እኛ ቀን በቀን አንለዋወጥም፤ የምንገዛው በብር ነው። በ90 የሚሠራ ጨርቅ በአገሩ እያለ፣ የፖርቱጋሉ ነጋዴ በ100 የተሠራውን ለምን ያስመጣል?

መልስ፦ ከዛሬ ጥያቄዎች ሁሉ ዋናው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ነጋዴው ቀን አይቆጥርም፤ ዋጋ ያያል። ዋጋ ደግሞ የሥራ ቀን በቀን ደመወዝ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። የፖርቱጋሉ ሠራተኛ በቀን 100 ብር ይከፈለዋል እንበል። የፖርቱጋል ጨርቅ 9,000፣ ወይኗ 8,000 ብር ያወጣል። የእንግሊዙ ሠራተኛ 75 ብር ቢከፈለው የእንግሊዝ ጨርቅ 7,500፣ ወይኗ 9,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ ነጋዴው ጨርቁን ከእንግሊዝ፣ ወይኑን ከፖርቱጋል ይገዛል፤ ስለ አንጻራዊ ብልጫ፣ ማለትም አንዱን ዕቃ ለመሥራት ሌላውን ምን ያህል መተው እንደሚያስፈልግ ስለማወዳደር፣ ሰምቶ ባያውቅም እንኳ።

የእንግሊዙ ደመወዝ የት ድረስ ሊወጣና ሊወርድ ይችላል? ከ90 ብር ካለፈ ጨርቁ ከፖርቱጋሉ ይወደድና ገዢ ያጣል። ከ67 ብር ገደማ በታች ከወረደ ደግሞ ወይኑም ጭምር ከፖርቱጋል ይረክሳል። ንግዱ ለሁለቱም የሚቆመው በእነዚህ ሁለት ወሰኖች መካከል ነው። እንግሊዛዊው ከፖርቱጋላዊው ያነሰ መከፈሉ የማይቀር ነው፤ የሥራ ፍሬው ያነሰ ነውና። ነገር ግን ቀድሞ 120 ቀን ሠርቶ ያገኘው የነበረውን ወይን አሁን በ107 ቀን ገደማ ደመወዙ ይገዛዋል። ፖርቱጋላዊውም 90 ቀን ይፈጅበት የነበረውን ጨርቅ በ75 ቀን ደመወዙ ያገኛል።

የሒሳብ ባለሙያ፦ እንግዲህ ደመወዝ ርካሽ የሆነበት አገር ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት ነው።

መልስ፦ ግማሹን ብቻ ይዘዋል። ደመወዙ 60 ብር ቢሆን ለጊዜው እንግሊዝ በሁለቱም ዕቃ ትረክሳለች፤ ነገር ግን ገዢው ሁሉ ወደ እሷ ስለሚጎርፍ ደመወዟ ወይም የገንዘቧ ምንዛሪ መጨመሩ አይቀርም። የሚያሰጋው ተቃራኒው ነው። የደካማዋ አገር ገንዘብ በትእዛዝ ተወዶ እንዲቆይ ከተደረገ ደመወዟ በውጭ ምንዛሪ ሲሰላ ከላይኛው ወሰን ያልፋል፤ ያኔ ብልጫ ሊኖራት በሚገባው ዕቃ እንኳ ገዢ ታጣለች። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ድረስ ላኪዎቻችን ሲያሰሙት የነበረውን ቅሬታ በዚህ መነጽር ተመልከቱት።

የመናኸሪያ አካባቢ ነጋዴ፦ ምንዛሪ ከተነሳ ዘንድ፣ ዶላር በሚቀጥለው ወር ይጨምራል ይላሉ?

መልስ፦ አላውቅም። የዛሬው ርዕስም አይደለም።

ልብስ ሰፊ፦ እኔ በዚሁ በሐዋሳ ሱቅ ከፍቼ ሱሪና ሸሚዝ እሰፋለሁ። ልባሽ ጨርቅ በየመንገዱ ከተዘረጋ ወዲህ የሚያሰፋ ሰው አጣሁ። ሁለቱም አገር ይጠቀማል የምትሉት እኔን የት ጥሎኝ ነው?

መልስ፦ ስሌቱ ስለ አገር ድምር እንጂ ስለ እያንዳንዱ ሰው አይናገርም። በምሳሌያችን የፖርቱጋሉ ሸማኔ ሥራውን አጥቷል፤ ወይን ጠማቂ እስኪሆንም በመካከል የሚያበላው የለም። የተረፈው ቀን እርስዎን ለመካስ ይበቃል፤ ካሳው በራሱ እጅዎ ላይ ይደርሳል የሚል ግን በስሌቱ ውስጥ የለም። ያ የመንግሥት ውሳኔ ነው።

የታሪክ መምህር፦ ልብስ ሰፊው ወንድማችን የተናገሩት በፖርቱጋል ላይ በእርግጥ ደርሷል። በ1703 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሜቱዌን ውል ፖርቱጋል የእንግሊዝን የሱፍ ጨርቅ ለማስገባት ተስማማች፤ በምላሹም ወይኗ እንግሊዝ ሲገባ ከፈረንሳይ ወይን በአንድ ሦስተኛ ያነሰ ቀረጥ ተከፈለበት። ቆይታ በኢንዱስትሪ የገነነችው የትኛዋ ናት? እኛንም ቡና ብቻ ልቀሙ እንዳይሉን።

የሒሳብ ባለሙያ፦ እህቴ፣ ፖርቱጋል ያኔ የብራዚል ወርቅም ነበራት። ወርቅ የሚጎርፍበት አገር ገንዘቡ ሊወደድና ኢንዱስትሪው ሊዳከም ይችላል። ሁሉንም በወይኑ ማሳበብ አይገባም።

የታሪክ መምህር፦ ወርቁ ምክንያት አይደለም አላልኩም። ጨርቁን የተወ ሕዝብ የጨርቁን ሙያ አብሮ ይተዋል ነው ያልኩት።

መልስ፦ ሁለታችሁም የያዛችሁት ነገር አለ፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የሪካርዶ ስሌት የዛሬውን 100 ቀን እንዳለ ይወስዳል፤ በመሥራት ብዛት ነገ 70 ሊሆን ይችል እንደሆነ አይጠይቅም። ይህ የስሌቱ እውነተኛ ድንበር ነው። ከዚያ በላይ ግን አታስኪዱት።

አዲስ አባል፦ ኢትዮጵያ በምን ብልጫ አላት?

መልስ፦ ከማን ጋር? በየትኛው ዕቃ? ምን ትታ? እነዚህ ሳይጠቀሱ መልስ የለውም። ደግሜ እላለሁ፤ የአንዱን ቀን ከሌላው ቀን ጋር ብቻ አታወዳድሩ።

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሠራች አባል፦ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ዕቃችንን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የምናስገባበት የአጎዋ ዕድል ሲቋረጥ እኛ ያው ሠራተኞች፣ ስፌቱም ያው ስፌት ነበር። ብልጫው በአንድ ቀን የት ሄደ?

መልስ፦ የትም አልሄደም፤ ወሰኑ ግን ጠበበ። ያለ አጎዋ በጥጥ ቲሸርት ላይ የነበረው መደበኛ የአሜሪካ ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው። ይህንኑ ቀረጥ በእንግሊዝ ጨርቅ ላይ ጣሉት። ጨርቁ ፖርቱጋል ገብቶ ከ9,000 ብር በታች እንዲሸጥ የእንግሊዙ ደመወዝ ከ90 ሳይሆን ከ77 ብር ገደማ ማነስ አለበት። 75 የሚከፈለው ለጥቂት አመለጠ፤ 80 ይከፈለው የነበረው ግን ስፌቱ ሳይበላሽ ገበያውን አጣ። ቀረጡ 35 በመቶ ሲደርስ የላይኛው ወሰን ወርዶ ከታችኛው ጋር ይገጥማል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱንም የሚያነግድ ደመወዝ የለም። የማጓጓዣ ወጪም የሚሠራው እንደ ቀረጥ ነው። ጨርቁ ከውጭ በጅቡቲ በኩል ሐዋሳ ገብቶ፣ ተሰፍቶ በዚያው መንገድ ሲመለስ፣ ከወሰኑ ላይ የሚቆረጠው ሁለት ጊዜ ነው።